አንድ ኪሎ ውዳቂ አልሙኒየም ስንት ያወጣል? የነጋዴው ስሌትና የትንሿ ማቅለጫ ሥራ

በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ወጣት የሰበሰበው የተሰበረ ድስት፣ የተጣለ የመስኮት ፍሬምና ባዶ ጣሳ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም በየአካባቢው ካሉት የቁርጥራጭ ብረት መጋዘኖች አንዱ ዘንድ ይደርሳል። እዚያ ነጋዴው ዕቃውን አገላብጦ ያያል፣ አንዳንዱን በሞረድ ፋቅ ያደርጋል፣ ማግኔት ያስጠጋል፣ ከዚያም አንድ ዋጋ ይጠራል። ሻጩ «አልሙኒየም እኮ ኪሎው ይህን ያህል ገብቷል» ብሎ የሰማውን ዋጋ ሲያነሳ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ዋጋው የንጹሑ ነው፣ ያንተ ግን የተደባለቀ ነው። ብዙ ሻጭ ይህን መልስ እንደ ማታለያ ይቆጥረዋል። አንዳንዴ በእርግጥም ማታለያ ነው፤ ሚዛኑም ሁልጊዜ አይታመንም። ቢሆንም ከመልሱ በስተጀርባ እውነተኛ ስሌት አለ። ነጋዴው የሚገዛው በሚዛኑ ላይ የተቀመጠውን ዕቃ ሳይሆን ዕቃው ቀልጦ ሲያበቃ ከማቅለጫው ተቀድቶ የሚወጣውን ብረት ነው። ደረጃ ማውጣት ማለትም ከዚህ ዕቃ ምን ያህል ብረት ይወጣል፣ የሚወጣውስ ለምን ሥራ ይሆናል የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች እሳት ሳይነድ አስቀድሞ በግምት መመለስ ነው።

የዋጋው መነሻ ሩቅ ነው። አልሙኒየም፣ መዳብ፣ ዚንክ፣ እርሳስና ኒኬል በለንደን የብረታ ብረት ገበያ በየሥራ ቀኑ በቶን በዶላር ዋጋ ይወጣላቸዋል። እዚያ የአልሙኒየም ዋጋ ሲባል ከመቶው 99.7 እጅ ንጹሕ የሆነ፣ ወጥ ሆኖ የተቀዳ ኢንጎት ማለት ነው። የትኛውም ውዳቂ ከዚህ ዋጋ ላይ እየተቀነሰለት ይሸጣል፤ ምን ያህል እንደሚቀነስ የሚወስነውም ደረጃው ነው። እኛ አገር ደግሞ አዲስ የበርና የመስኮት ፕሮፋይልም ሆነ ኢንጎት ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ በለንደኑ ዋጋ ላይ ማጓጓዣ፣ ቀረጥና የምንዛሪ ዋጋ ይደረብበታል። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ የውዳቂ ዋጋም አብሮ የተንቀሳቀሰው ለዚህ ነው። ከውጭ የሚመጣው ሲወደድ እዚሁ ያለውን ማቅለጥ የበለጠ ያዋጣል።

ከማቅለጫ በፊት ግን መጀመሪያ አልሙኒየሙ አልሙኒየም መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ማግኔት የሚነግረን በጣም ትንሽ ነገር ነው። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው፣ ካልያዘው ግን ምንም ሊሆን ይችላል። አልሙኒየምን፣ ዚንክን፣ ማግኒዚየምን፣ መዳብን፣ ናስን፣ እርሳስን፣ ሌላው ቀርቶ ብዙውን የማይዝግ ብረት ማግኔት አይዝም። በተለይ የሚያሳስተው ዚንክ ነው። የድሮ መኪና ካርቡራተር፣ የበር እጀታ፣ የቧንቧ መክፈቻ እጀታና አንዳንድ የመጫወቻ መኪና የሚሠሩት በብዛት ዚንክ ከሆነ ቅይጥ ነው፤ ሲፋቅ እንደ አልሙኒየም ነጭ ሆኖ ያበራል። የለመደ እጅ በክብደቱ ይለየዋል። ያለመደ ሰው ደግሞ አንድ ባልዲ ውኃና ተንጠልጣይ ሚዛን ካለው ጥርጣሬውን በሁለት ደቂቃ ማስወገድ ይችላል።

አንድ በሰም የተነከረ የሚመስል፣ ግራጫ፣ ድፍን የማሽን አካል አለ እንበል። በሲባጎ አንጠልጥለን ስንመዝነው 1,340 ግራም ሆነ። ከዚያ ሚዛኑ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ የባልዲውን ታችም ጎንም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ እንዲሰምጥ አድርገን እንደገና እናነባለን። ሚዛኑ አሁን 840 ግራም አካባቢ ካሳየ ዕቃው አልሙኒየም ነው፤ 1,140 አካባቢ ካሳየ ዚንክ ነው፤ ወደ 600 ከወረደ ደግሞ ማግኒዚየም ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዕቃው ውኃ ውስጥ የሚቀንሰው ክብደት ገፍቶ ቦታውን ከያዘበት ውኃ ክብደት ጋር እኩል ነው፤ አልሙኒየም በተመሳሳይ ይዘት ከውኃ 2.7 ጊዜ ይከብዳል፣ የዚንኩ ቅይጥ 6.7 ጊዜ ያህል፣ ማግኒዚየም ደግሞ 1.8 ጊዜ ያህል። ስለዚህ የአልሙኒየም ዕቃ ውኃ ውስጥ ከክብደቱ ከሲሶ ትንሽ በላይ ያጣል፣ ዚንክ ሰባተኛውን ያህል ብቻ ያጣል፣ ማግኒዚየም ግን ከግማሽ በላይ ያጣል። ይህን መለኪያ የሚያበላሸው በዕቃው ውስጥ የታሰረ አየርና በውስጡ የተቀበረ የብረት ቁራጭ ነውና ቡሎኑ ተፈትቶ፣ ቀዳዳው ውኃ ገብቶበት፣ የአየር ፊኛው ወጥቶ መመዘን አለበት።

ዚንክንና ማግኒዚየምን መለየት የሚያስፈልገው ለዋጋ ብቻ አይደለም። ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ከአልሙኒየም በጣም ቀድሞ ይቀልጣል፤ ከዚያ ተቀላቅሎ የተቀዳውን ዕቃ ገና ትኩስ ሳለ እንዲሰነጠቅ ያደርገዋል። ማግኒዚየም ደግሞ አንዴ በእሳት ከተያያዘ ዓይን በሚያሳውር ነጭ ብርሃን ይነዳል፤ ውኃ ሲደፉበትም ይብስበታል። እንዲህ ያለ እሳት የሚታፈነው በደረቅ አሸዋ ነው። አንዳንድ የሞተር ሳይክልና የሰንሰለት መጋዝ ሽፋኖች ከዚህ ብረት የተሠሩ በመሆናቸው ከወትሮው የቀለለ ነገር ሲገኝ መጠራጠር ተገቢ ነው።

አሁን አልሙኒየም መሆኑ የተረጋገጠውን እንለየው። ነጋዴዎች በየተራው የተለያየ ስም ይሰጡታል እንጂ በመሠረቱ አራት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መስመር ሽቦ ሲሆን ከሁሉ የጠራው ነው፤ ከመቶው 99.5 እጅ ወይም ከዚያ በላይ አልሙኒየም ነው። እርግጥ የመንግሥት መስመር ሽቦ የሚገዛ ነጋዴ ከዋጋ ስሌት አልፎ ሕግ ፊት የሚያቆም ነገር ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው የበርና የመስኮት ፕሮፋይል ነው፤ ጥቂት ማግኒዚየምና ሲሊኮን ብቻ የተጨመረበት፣ ብረት እምብዛም የሌለው ጥሩ ዕቃ ነው። ሦስተኛው ተቀድቶ የተሠራው ነው፤ ቴስታታ፣ ፒስተን፣ የማርሽ ሳጥን፣ ቸርኬ የመሳሰለው። በዚህ ውስጥ ሲሊኮን ብዙ ነው፤ በቸርኬ ከመቶው ሰባት እጅ ገደማ፣ በፒስተን ደግሞ አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ይደርሳል። በሞተር አካላት ላይ መዳብ፣ ዚንክና ብረትም አለበት። አራተኛው ስስ የሆነው ነው፤ የመጠጥ ጣሳ፣ የምግብ መጠቅለያ፣ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ።

ፕሮፋይሉን ከሞተሩ መለየት በቅርጹ ይቻላል፤ ቅርጹ የጠፋ ቁራጭ ሲገጥም ግን ሌላ ዘዴ አለ። ተቀድቶ የተሠራው በመዶሻ ሲመታ ይሰበራል፤ ስብራቱም እንደ ስኳር የሻከረ ግራጫ ነው። ፕሮፋይልና ሽቦ ግን ይታጠፋሉ እንጂ ቶሎ አይሰበሩም። ጓንትና መነጽር አድርጎ በተፋቀ ቦታ ላይ የኮስቲክ ሶዳ ብጥብጥ ጠብ ማድረግም ይቻላል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቦታው ነጭ ሆኖ ከቀረ ብረቱ ለንጹሕ የቀረበ ነው፤ ግራጫ ከሆነ ሲሊኮን አለበት፤ ከጠቆረ መዳብ ወይም ዚንክ አለበት። በትልልቅ ማዕከሎች ይህን ሁሉ በጨረር የሚያነብብ የእጅ መሣሪያ በሰከንዶች ይነግራል፤ የእኛ መጋዘን ብዙው ግን በሞረድና በዓይን ነው የሚሠራው።

የሌሎቹን ብረቶች ነገር ባጭሩ እናንሳ። መዳብ ከሁሉ ውድ በመሆኑ የደረጃ ልዩነቱም ያንኑ ያህል ይሰማል። ሽፋኑ ተልጦ የሚያብረቀርቅ፣ ውፍረት ያለው ሽቦ ከላይ ነው፤ በእሳት ሽፋኑ የተቃጠለለት ሽቦ ግን ስለሚጠቁርና አመድ ስለሚይዝ ዝቅ ይላል። የሽቦ ሽፋን ማቃጠል ስለዚህ ሁለት ጊዜ ኪሳራ ነው፤ ዋጋውንም ያወርዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው። አሁን አሁን ከውጭ መዳብ የተለበጠ፣ ውስጡ ግን አልሙኒየም የሆነ ሽቦ ገበያ ውስጥ በዝቷል፤ ጫፉን ቆርጦ መሐሉ ነጭ መሆኑን ማየት ይበቃል። ናስ፣ ማለትም የቧንቧ መክፈቻና የቁልፍ ብረት፣ መዳብና ዚንክ በመሆኑ ዋጋውም በሁለቱ መካከል ይወድቃል። የማይዝግ ብረት ላይ ማግኔት ይጠቅማል፤ የማይይዘው አብዛኛውን ጊዜ ኒኬል ያለበት ስለሆነ ይወደዳል፣ የሚይዘው ይረክሳል። ተራው ብረት በኪሎ ከሁሉ ርካሽ ነው፤ የሚገዛው በቶን ሆኖ መጨረሻውም በአብዛኛው ፌሮ የሚያመርቱት ፋብሪካዎች ዘንድ ነው።

ወደ አልሙኒየሙ ተመልሰን አንድ ግዢ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እናስላ። ዋጋው ለስሌት ያህል የተወሰደ እንጂ የዛሬ ገበያ አይደለም። ቀልጦ ወጥ ሆኖ የተቀዳ አልሙኒየም ኪሎው 300 ብር ያወጣል እንበል። አንድ ሻጭ «አልሙኒየም» ብሎ 60 ኪሎ ያመጣል። ሲከፈት 20 ኪሎው የመስኮት ፕሮፋይል ነው፤ ጎማው፣ ቡሎኑና የብረት ማያያዣው ሲወጣ 18 ኪሎ ይቀራል። 25 ኪሎው ቴስታታና ሌላ የሞተር አካል ነው፤ የብረት አካላቱ ሲፈቱ 21 ኪሎ ይሆናል። 12 ኪሎው ጣሳ ነው። የቀረው 3 ኪሎ የዚንክ ካርቡራተር ነው፣ ለማቅለጫችን አይገባም።

ቀጥሎ የሚመጣው እሳት የሚበላው ነው። ፕሮፋይሉ ከመቶው 93 እጁ፣ የሞተሩ 90 እጁ፣ ጣሳው ደግሞ በጥንቃቄ ከተቀለጠ 75 እጁ ብረት ሆኖ ይወጣል ብለን እንውሰድ። ስለዚህ ከፕሮፋይሉ 16.7፣ ከሞተሩ 18.9፣ ከጣሳው 9 ኪሎ እናገኛለን፤ በድምሩ 44.6 ኪሎ ገደማ። በ300 ብር ሲባዛ 13,390 ብር ያህል ነው። ከዚህ ላይ ለነዳጅ፣ በቀለጠው ላይ ለሚነሰነሰው ጨውና ለአቅላጩ ጉልበት በሚወጣው ኪሎ 40 ብር ሲታሰብ 1,785 ብር፣ ለፈታቹ 600 ብር፣ ለነጋዴው ትርፍ ደግሞ ከሽያጩ አሥር እጅ ማለትም 1,340 ብር ያህል ይቀነሳል። የሚተርፈው 9,665 ብር ገደማ ነው። ይህን ሻጩ ላመጣው 60 ኪሎ ስናካፍለው ኪሎው 161 ብር ይሆናል። ማንም ሳያታልል፣ ሚዛኑም ሳይጎድል፣ የ300 ብሩ አልሙኒየም ወደ 161 ብር ወረደ ማለት ነው።

ልብ ማለት የሚገባው ግን ነጋዴው ይህን ስሌት የሚያሰላው ጆንያው ከመፈታቱ በፊት መሆኑን ነው። የዚንኩን መጠን አያውቅም፣ የሞተሩ ውስጥ ስንት ብረት እንደተቀበረ አያውቅም፣ ጣሳው ውስጥ ውኃ ወይም አሸዋ እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ 161 ሳይሆን ምናልባት 130 ይጠራል፤ ልዩነቱ የጥርጣሬው ዋጋ ነው። ሻጩ ራሱ ለይቶ፣ ፈትቶና ጠራርጎ ቢያመጣ በዚሁ ስሌት ፕሮፋይሉ በኪሎ 214፣ የሞተሩ 207፣ ጣሳው 172 ብር ያህል ያወጣለታል፤ ከሁሉም 10,267 ብር ይሰበስባል። የተፈታው ብረትና ዚንኩም ለብቻቸው ይሸጣሉ። ከስሌቱ ላይ እንደሚታየው ከመለየት የሚገኘው ዋና ጥቅም የፈታቹን 600 ብር ማትረፍ ሳይሆን ነጋዴው የሚጠራጠርበትን ምክንያት ማሳጣቱ ነው፤ 130 ቢጠራ ኖሮ ሻጩ የሚያገኘው 7,800 ብር ብቻ ነበርና።

ጣሳው ለምን ይህን ያህል ይጎድላል የሚለው ጥያቄ ወደ ማቅለጫው ያስገባናል። አልሙኒየም አየር ሲነካው ወዲያው በጣም ስስ በሆነ ኦክሳይድ ይሸፈናል። ይህ ቆዳ አልሙኒየሙ ራሱ በሚቀልጥበት በ660 ዲግሪ አይቀልጥም፤ ለመቅለጥ ከሁለት ሺህ ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ወፍራም ቴስታታ ላይ ቆዳው ከጠቅላላው ክብደት ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። የጣሳ ግድግዳ ግን ውፍረቱ የሚሊ ሜትር አሥረኛ ያህል ስለሆነ ቆዳው ከሥጋው ጋር ይፎካከራል፤ በላዩ ደግሞ ከውጭ ቀለም፣ ከውስጥ የፕላስቲክ ቅብ አለበት። ጣሳ በባዶ ማቅለጫ ውስጥ ተጨምሮ ከላይ ሲነድድ እያንዳንዱ የቀለጠ ጠብታ በራሱ ቆዳ ተጠቅልሎ ከጎረቤቱ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል፤ ማንኪያ ሲገባ የሚወጣው አመድ የመሰለ ቅርፊት ነው።

መፍትሔው የማስገባቱን ቅደም ተከተል መለወጥ ነው። መጀመሪያ ወፍራም ቁራጭ ይቀልጥና በማቅለጫው ውስጥ ኩሬ ይሠራል። ጣሳው ተጨፍልቆ፣ በደንብ ደርቆና ሞቆ፣ በብረት ዘንግ ወደ ኩሬው ውስጥ እንዲሰምጥ ይደረጋል፤ ብረት ውስጥ ከሰመጠ አየር አያገኘውም። የገበታ ጨውና የፖታሽ ጨው ተደባልቀው ጥቂት ሲነሰነሱ ይቀልጡና ላዩን ይሸፍናሉ፣ የጠብታዎቹንም ቆዳ ስለሚያላቅቁ ብረቱ እርስ በርሱ ይያያዛል። ከዚያ በኋላ ማማሰል ማብዛት አይገባም፤ አንድ ጊዜ ላዩ በተገለጠ ቁጥር አዲስ ቆዳ ይሠራልና እያማሰሉ ማጥራት ብረቱን እያሳነሱ መሄድ ነው።

ማድረቁን ማንም እንዳይዘልለው። የአልሙኒየም አቅላጭን የሚገድለው ብዙ ጊዜ እሳቱ ሳይሆን ውኃ ነው። ጥቂት ውኃ ከቀለጠው ብረት በታች ሲያዝ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ከሺህ ጊዜ በላይ ስለሚሰፋ ብረቱን እንደ ጥይት ይረጨዋል። እርጥብ ጣሳ፣ ዝናብ ያደረበት ቁራጭ፣ ያልሞቀ ማንኪያ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ የፈሰሰ ብረት፣ ሁሉም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ሲሚንቶ ደረቅ ቢመስልም ውስጡ ውኃ አለና። ስለዚህ ወለሉ ደረቅ አሸዋ መሆን አለበት። የመኪና ሾክ አብዞርበርና ሁለት ጫፉ የተደፈነ ቧንቧም ሳይበሳ እሳት ውስጥ አይገባም።

ትንሿ ማቅለጫ ራሷ የተወሳሰበች አይደለችም። ሸክላ የተለሰነበት በርሜል፣ ከታች ነፋስ የሚያስገባ ቧንቧ፣ ነፋሱን የሚሰጥ ወናፍ ወይም የኤሌክትሪክ ነፊ፣ መሐል ላይ ማቅለጫው ማሰሮ። ከሰል ወይም የተቃጠለ ዘይት ይነድድበታል። ችግሩ ያለው ማሰሮው ላይ ነው። ከግራፋይት የተሠራው ውድ በመሆኑ ብዙ ሰው የተቆረጠ የጋዝ ሲሊንደር ወይም ወፍራም የብረት ቧንቧ ይጠቀማል። የቀለጠ አልሙኒየም ደግሞ ብረትን ቀስ በቀስ ያሟሟል። ማሰሮው ከሳምንታት በኋላ ይሳሳል፣ አንድ ቀንም ይበሳል፤ ከዚያ የሚከፋው ግን የሟሟው ብረት የት ደረሰ የሚለው ነው። አልሙኒየሙ ውስጥ ሲሊኮን ካለ ብረቱ ከእሱ ጋር ተጣምሮ እንደ መርፌ የቀጠኑ ክሪስታሎች ይሠራል፣ ከመቶው አንድ እጅ ገደማ ሲደርስም የተቀዳው ዕቃ ሲወድቅ የሚሰበር ይሆናል። ማሰሮውን ከውስጥ በኖራ ወይም በሸክላ ብጥብጥ እየቀቡ ማድረቅ ጉዳቱን ይቀንሳል። አንዴ የገባውን ብረት ግን በትንሽ ማቅለጫ ማውጣት አይቻልም፤ የሚቻለው ብረት በሌለበት አልሙኒየም ማቅጠን ብቻ ነው።

ፕሮፋይልና ሽቦ የሚወደዱበት ሌላው ምክንያት እዚህ ላይ ይገለጣል። የሚፈለጉት ብዙ ስለሚወጣቸው ብቻ ሳይሆን የሌላውን ቆሻሻ ስለሚያቀጥኑ ነው። ይሁን እንጂ ውድ የሆነው ሁሉ ለቀጂው ይመቻል ማለት አይደለም። ሽቦ ብቻ አቅልጦ ስስ ድስት ለመቅዳት የሞከረ ሰው ብረቱ የፎርማው ጫፍ ሳይደርስ ሲረጋበት፣ የደረሰውም ሲሰነጠቅ ያያል። ብረቱን እንደ ውኃ እንዲፈስስ የሚያደርገው ሲሊኮን ነው፣ እሱም ያለው በሞተር አካልና በቸርኬ ውስጥ ነው። ስለዚህ በመጋዘኑ ዝቅ ብሎ የተገዛው ቴስታታ በፎርማው ላይ ከውዱ ሽቦ የተሻለ ይቀዳል። እንደ እኔ ግምገማ ለትንሽ ቀጂ ከሁሉ የተሻለው ግዢ ቸርኬ ነው፤ ለመፍሰስ በቂ ሲሊኮን አለው፣ ብረቱና መዳቡ ከሞተር አካል በጣም ያነሰ ነው፣ ወፍራም ስለሆነም እሳት ብዙ አይበላበትም። የጎማ መመጠኛ እርሳሱንና የአየር መሙያውን የናስ ጫፍ ማውጣት ግን ግዴታ ነው።

እርሳሱን ማውጣት ለጥራት ብቻ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 የታተመ፣ ከአሥር ታዳጊ አገሮች በተሰበሰቡ የአልሙኒየም ማብሰያዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከዕቃዎቹ ሲሶ ያህሉ ወደ ምግብ አሳሳቢ መጠን ያለው እርሳስ እንደሚለቅቁ አሳይቷል። እርሳስ ወደ ድስቱ የሚገባው ከመመጠኛ፣ በብየዳ እርሳስ ከተያያዘ ራዲያተርና ከኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ነው። ይህን በዓይንም በሞረድም ማየት አይቻልም። በተለይ ቲማቲምና ሎሚ ያለበት ምግብ ብረቱን የበለጠ ይሸረሽራል። ስለዚህ የሞተር ቁርጥራጭ ለመቀመጫ እግር፣ ለመዘውር፣ ለማሽን ክፍል ይሁን፤ ለማብሰያ የሚቀዳው ከፕሮፋይልና ከተጠራ ቸርኬ ቢሆን ይሻላል። ዋጋው ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን ቀደም ሲል ባሰላነው ስሌት በኪሎ ጥቂት ብር ነው።

አልሙኒየሙ ሲቀልጥ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ከመጠን በላይ ማጋል ነው። ተራው ብረት ሲግል ይቀላል፣ ሙቀቱም በዓይን ይገመታል። የቀለጠ አልሙኒየም ግን በቀን ብርሃን በ700 ዲግሪም ቢሆን እንደ መስታወት ብሩህ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። «ገና ነው» እየተባለ ነፋስ ሲጨመርለት 850 ይደርሳል። ለአሸዋ ፎርማ የሚበቃው ከ700 እስከ 750 ነው፤ በርካሽ የሙቀት መለኪያ ሽቦ ማረጋገጥ ይቻላል። ከዚያ በላይ መጋሉ ነዳጅ ከማባከንና ማሰሮውን ከመብላት አልፎ ሃይድሮጅንን ይስባል። ከነዳጁ ጭስ፣ ከእርጥበትና ከቅባት የሚመጣው ይህ ጋዝ በፈሳሹ ብረት ውስጥ ይሟሟል፤ ብረቱ ሲረጋ ግን የሚይዘው መጠን ወደ ሃያኛው ገደማ ስለሚወርድ የተረፈው ፊኛ ሆኖ ይታሰራል። ድስቱ ሲታጠብ የሚያንጠባጥበው፣ ሲላግም በመርፌ እንደተወጋ የሚታየው በዚህ ነው።

ጋዝ መኖሩን ከመቅዳት በፊት ማወቅ ይቻላል። በሞቀ ማንኪያ ትንሽ ብረት ተቀድቶ በደረቅ የሸክላ ስኒ ውስጥ ይፈስስና ሳይነካ ይረጋል። አልሙኒየም ሲረጋ በይዘቱ ከመቶ ስድስትና ሰባት እጅ ያህል ስለሚቀንስ ጤናማው ላዩ መሐሉ ላይ ይሰረጉዳል። ላዩ ጠፍጣፋ ሆኖ ከቀረ ወይም እንደ ቂጣ ከተነፋ፣ ውስጡ ያለው ጋዝ የቀነሰውን ቦታ ሞልቶታል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ነፋሱን ቀንሶ ብረቱን ሳያማስሉ ጥቂት ማቆየት፣ ሙቀቱ እንዲወርድ መተው፣ ከዚያ ደግሞ መሞከር ያስፈልጋል። ይኸው የመቀነስ ጠባይ ፎርማው ላይም ይታሰብበታል። ከወፍራሙ የዕቃው ክፍል በላይ ኋላ የሚረጋ ትርፍ ብረት የሚይዝ ጉድጓድ ካልተተወለት ሰርጓዳው ዕቃው ላይ ይወጣል፤ ፎርማው የሚቀረጽበት ናሙናም ከሚፈለገው መጠን ከመቶ አንድ እጅ ከሩብ ገደማ ተለቅ ብሎ መሠራት አለበት።

መጨረሻ ላይ ከማሰሮው አናት የሚገፈፈው ግራጫ ቅርፊት ይቀራል። ቆሻሻ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ጉልህ ክፍሉ በኦክሳይድ ቆዳ የተያዘ ነጻ አልሙኒየም ነው። ትኩስ ሳለ ከጨው ጋር በማንኪያ ጀርባ ከማሰሮው ጠርዝ ጋር ተጫን ተጫን ሲደረግ የተወሰነው ተመልሶ ይወርዳል። የቀዘቀዘውን የሚገዙ አሉ፤ ዋጋውም የሚተመነው ልክ እንደ ጆንያው ነው። ተፈጭቶ ይነፋል፣ በወንፊቱ ላይ የቀረው እንክብል ይመዘናል፣ ያለፈው ዱቄት ይጣላል። ይህ ቅርፊት ዝናብ በማያገኘው ቦታ መቀመጥ አለበት፤ ውኃ ሲነካው ይሞቃል፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ አሞኒያም ይለቅቃል፣ በዝግ ክፍል ከሆነም የሚነድድ ጋዝ ይጠራቀማል።